የስብሰባ ቅጂ ወደ ሠንጠረዥ ሲገባ

በዙም የተቀዳ ስብሰባ ጽሑፉ በ.vtt ፋይል ሲወጣ ይህን ይመስላል፦

```
41
00:12:04.100 --> 00:12:07.900
ሊቀመንበር: በጀቱ ገና አልጸደቀም፤

42
00:12:08.200 --> 00:12:11.000
ሊቀመንበር: ሰኞ 3:30 እንገናኝ።
```

ሠንጠረዡ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ተናጋሪ፣ ሰዓትና ንግግር። ብዙ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ረድፍ ያደርገዋል። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ፕሮግራሙ ንግግሩን የሚቆርጠው ሐሳብ ሲያልቅ ሳይሆን ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ነውና። ስሙ ከላይኛው ጋር አንድ ከሆነ ንግግሩን ቀጥሉት፤ ሰዓቱን ግን ከመጀመሪያው ቁራጭ ውሰዱ። ከላይ ያሉት ሁለቱ እንዲህ ይዋሐዳሉ፦

```
ሊቀመንበር | 00:12:04 | በጀቱ ገና አልጸደቀም፤ ሰኞ 3:30 እንገናኝ።
```

ትልቁ ወጥመድ ሁለቱ ነጥቦች ናቸው። ስምን ከንግግር የሚለየው ምልክት በሰዓት መካከልም ይገባል። ኤክሴል በሁሉም ነጥቦች ላይ እንዲከፍል ከታዘዘ «30 እንገናኝ» ወደ አራተኛ ዓምድ ይሸሻል። ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ይከፈል። ይህም አይበቃም፤ ስም የሌለው መስመር ከመጣ «ሰኞ 3» ተናጋሪ ሆኖ ይመዘገባል። ስህተቱን ለመያዝ የተናጋሪዎቹን ዓምድ ድግግሞሹን አስወግዳችሁ ተመልከቱ፤ ከተሰብሳቢዎቹ ውጪ የሆነ ስም ወዲያው ይታያል።

00:12:04 የግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ ቀረጻው ከጀመረ ያለፈው ጊዜ ነው። ቀረጻው ጠዋት 3:30 ከተጀመረ ሊቀመንበሩ የተናገሩት 3:42 ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የቀረጻውን መነሻ ሰዓት ከሠንጠረዡ በላይ ጻፉ።