በሂሳብ መግለጫ ምስል ላይ ያሉ ተደራራቢ አርዕስቶችን በየዓምዱ መለየት

የሀብትና ዕዳ መግለጫ ከፎቶ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ ቁጥሮቹ በትክክል ቢነበቡ እንኳ ትርጉማቸው ሊጠፋ ይችላል። በምስሉ ላይ «ሌሎች 50,000» የሚለው መስመር የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚነግረን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መጻፉ ነው፤ ሁሉም ስም በአንድ ዓምድ ከተገለበጠ በተሰብሳቢ ሂሳብ ሥር ያለው «ሌሎች» በተከፋይ ሂሳብ ሥር ካለው አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ዓምድ ይኑረው፦ «ሀብት»፣ «ተሰብሳቢ ሂሳብ»፣ «ሌሎች»፣ በመጨረሻም 50,000። የላይኞቹ አርዕስቶችም በየረድፉ ይደገሙ። ድግግሞሹ ሰንጠረዡን ያጨናንቃል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ለዓይን አያምርም። ነገር ግን ባዶ የተተወ ሴል የሚታወቀው ከላዩ ባለው ረድፍ ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ በገንዘብ መጠን ሲደረደር ያ ዝምድና ይበጠሳል።

ከባዱ ሥራ ደረጃውን ከምስሉ ማንበብ ነው። ረጅም ስም ተቆርጦ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ አዲስ ንዑስ ክፍል ይመስላል፤ ፎቶው ዘመም ካለም ጠርዙ አያስተማምንም። እዚህ ላይ የሚረዳን የድምር መስመሩ ነው። «ከደንበኞች 200,000» እና «ሌሎች 50,000» ተደምረው በመግለጫው የሰፈረውን 250,000 ካልሰጡ፣ ወይ አንድ ረድፍ ያለ ክፍሉ ገብቷል ወይ ቁጥር በስህተት ተነብቧል። የድምር ረድፉ ግን ድምር መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ኋላ ዓምዱ ሲደመር ሂሳቡ እጥፍ ይሆናል።