የሰርቨሩ ሚሞሪ ሲያልቅ ማን ይገደላል?

በአንዲት አነስተኛ ሰርቨር ላይ የሚሠራ የመሸጫ ድረ ገጽ ሌሊት ላይ ድንገት ቆመ እንበል። ገጹን የሚከፍት ሰው የሚያየው ዳታቤዙን ማግኘት እንዳልተቻለ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ነው። ጠዋት ባለሙያው የዳታቤዙን መዝገብ ቢያገላብጥ አንድም የስሕተት ቃል አያገኝም፤ ጽሑፉ መሐል ላይ ተቋርጧል። ፍንጩ ያለው ሌላ ቦታ፣ የሊኑክስ ከርነል ራሱ በሚጽፈው መዝገብ ውስጥ ነው። `dmesg` ብሎ ሲያየው እንዲህ የሚል መስመር ያገኛል፦

```
Out of memory: Killed process 1184 (mysqld)
anon-rss:921600kB ... oom_score_adj:0
```

ዳታቤዙ በራሱ ችግር አልወደቀም፤ ተገድሏል። የገደለው የከርነሉ ክፍል በሙያው ሰዎች ዘንድ ኦኦኤም ኪለር ይባላል፤ ሚሞሪ ሲሟጠጥ አንድ ፕሮሰስ መርጦ የሚያጠፋ ነው። የሚልከው የመግደያ ትእዛዝ ሊታገዱት ወይም ሊያዘገዩት የሚቻል ስላልሆነ፣ ተገዳዩ መዝገቡን ለመዝጋት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ነገሩ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ሊኑክስ ሚሞሪ ሲጠየቅ በእጁ ካለው በላይ ቃል ስለሚገባ ነው። ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁትን ሁሉ አይጠቀሙበትም፤ ስለዚህ ከርነሉ ጥያቄውን ይቀበልና እውነተኛውን ሚሞሪ የሚሰጠው ፕሮግራሙ ሲጽፍበት ብቻ ነው፤ በተለመዱት ሰርቨሮች ላይ 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች እየቆረጠ። እጥረቱ የሚታየው ታዲያ ቃሉ በተገባ ጊዜ ሳይሆን ሁሉም ድርሻቸውን ባንድ ላይ መጠቀም ሲጀምሩ ነው። ያኔ «የለም» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ከመግደሉ በፊት ግን ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ ይጥራል። በራም ውስጥ ካሉት ገጾች አንዳንዶቹ የፋይል ቅጂ ናቸው። ካልተለወጡ ዝም ብሎ ይጥላቸዋል፤ ሲያስፈልጉ ከዲስክ እንደገና ይነበባሉ። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሲሠሩ የፈጠሯቸው ናቸውና ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። እነዚህን ከራም ለማውጣት የሚያስቀምጥበት ስፍራ ይፈልጋል። ስዋፕ የሚባለው ይህ ነው፤ በዲስክ ላይ ለዚሁ የተለየ ክፍል ወይም ፋይል።

ከሁለቱ ዓይነት ገጾች የትኛውን ይበልጥ እንደሚያስወጣ የሚመዝነው ቁጥር `vm.swappiness` ነው። ሲጫን 60 ሆኖ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህንን «ራሙ 60 በመቶ ሲሞላ ስዋፕ ይጀምራል» ብሎ ይረዳዋል፤ ስሕተት ነው። ቁጥሩ ከራሙ መሙላት ጋር አይገናኝም። ከ2020 ወዲህ በወጡት ከርነሎች መስፈሪያው ከ0 እስከ 200 ነው። 100 ላይ ሁለቱ ዓይነት ገጾች እኩል ይታያሉ፤ 60 ላይ ግን ሚዛኑ 60 ለ140 ይሆናል፤ ማለትም ከርነሉ የፋይል ቅጂዎችን መጣሉን ይመርጣል። 0 ማድረግም ስዋፕን አያጠፋም፤ ሌላ መውጫ እስኪጠፋ ድረስ ያዘገየዋል እንጂ።

እዚህ ላይ «ስዋፕ ሰርቨር ያዘገያል፣ ባይኖር ይሻላል» ለሚሉት መልስ አለኝ። ስዋፕ ከሌለ ከርነሉ የሚጥለው የፋይል ቅጂዎችን ብቻ ይሆናል። ከነዚህ መካከል በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ኮድ ራሱ ይገኛል። የተጣለው ኮድ ወዲያው ስለሚፈለግ ከዲስክ ይነበባል፤ ተመልሶም ይጣላል። ኪለሩ ሳይነሣ ማሽኑ ደቂቃዎች ሙሉ ደርቆ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ስዋፑ እያስጨነቀ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ምን ያህል እንደተያዘ ማየት አይበቃም። `vmstat 1` ብሎ `si` እና `so` የሚሉትን ዓምዶች መመልከት ነው። ስዋፑ ብዙ ተይዞ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ የማይፈለጉ ገጾች ተኝተዋል ማለት ነው፤ ጉዳት የለውም። ሁለቱም ያለማቋረጥ ከፍ ካሉ ግን ገጾቹ እየወጡ እየገቡ ነው፤ ማሽኑ ታፍኗል።

ወደ ሰርቨራችን እንመለስ። ራሙ 2048 ሜጋባይት፣ ስዋፑ 1024 ነው፤ በድምሩ 3072። ዳታቤዙ 900 ይይዛል፤ ሲስተሙና ጥቃቅን አገልግሎቶች 200። ገጾቹን የሚያዘጋጁት የፒኤችፒ ሠራተኛ ፕሮሰሶች እያንዳንዳቸው 40 ሜጋባይት ይወስዳሉ። በደኅና ቀን 10 ያህሉ ስለሚሠሩ ድምሩ 1500 ነው፤ ምንም አይሆንም። የዚያን ሌሊት ግን የጎብኚ ጎርፍ መጣና ቁጥራቸው ወደ 50 ወጣ። 50 ጊዜ 40፣ 2000 ነው። ከ900 እና ከ200 ጋር 3100 ይሆናል። 3072 ላይ ስፍራው አለቀ።

ኪለሩ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ፕሮሰሱ በራም የያዛቸው ገጾች፣ በስዋፕ ያስቀመጣቸውና እነሱን ለመከታተል የሚያስፈልገው ሰንጠረዥ ድምር ነው። በስዋፕ ያለው ስለሚቆጠር ወደ ዲስክ መውጣት ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ `swappiness`ን መነካካት ተመራጩን አይለውጥም። በዚህ ስሌት ዳታቤዙ 900 ሲያገኝ ከሠራተኞቹ እያንዳንዱ 40 ብቻ ያገኛል። አንድ ላይ 2000 የበሉት እነሱ ናቸው፤ ሒሳቡ ግን በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ተመራጩ ዳታቤዙ ሆነ።

ይህ ግፍ ቢመስልም አሠራሩ የታሰበበት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ ቀመሩ ፕሮሰሱ የቆየበትን ጊዜ፣ የተጠቀመውን የሲፒዩ ሰዓትና የልጆቹን ሚሞሪ ጭምር ይመዝን ነበር፤ ውጤቱም ለመተንበይ ያስቸግር ነበር። ዴቪድ ሪየንትጀስ በ2010 እንደ አዲስ ጽፎት በከርነል 2.6.36 ሲወጣ፣ አንዱን በመግደል ብዙ ሚሞሪ ማስለቀቅ ዋናው መመዘኛ ሆነ። ከርነሉ ጥፋተኛውን የሚለይበት መንገድ የለውም። በመዝገቡ ላይ «invoked oom-killer» ከሚለው ፊት የተጻፈው ስምም ጥፋተኛውን አያሳይም፤ ስፍራው ሲያልቅ በአጋጣሚ ሚሞሪ የጠየቀው ፕሮሰስ ስም ነው።

ከርነሉ የማያውቀውን ባለሙያው ሊነግረው ይችላል። ለዚህ `oom_score_adj` የሚባል ከ-1000 እስከ 1000 የሚደርስ ቁጥር አለ። ለዳታቤዙ በሲስተምዲ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

```
[Service]
OOMScoreAdjust=-500
```

እያንዳንዱ አሃድ የራምና የስዋፕ ድምር አንድ ሺሕኛ ነው። -500 ማለት ከነጥቡ የ3072 ግማሽ፣ 1536 ይቀነስ ማለት ነው። 900 ሲቀነስ 1536 ከዜሮ በታች ስለሚሆን ዳታቤዙ ከሠራተኞቹ ኋላ ይሰለፋል። -1000 ደግሞ ጨርሶ አይነካም ማለት ነው። ርቀው ሆነው ወደ ማሽኑ የሚገቡበት `sshd` በዚህ ቁጥር ራሱን ይጠብቃል። ይህንን ለሁሉም ማደል ግን አደገኛ ነው፤ ከርነሉ የሚገድለው ካጣ ማሽኑን ራሱን ያቆመዋል።

በ-500 ብቻ ግን ችግሩ አይፈታም። ኪለሩ አሁን አንዱን ሠራተኛ ገድሎ 40 ሜጋባይት ያገኛል፤ የፒኤችፒው አለቃ ፕሮሰስ ወዲያው ምትክ ያስነሣል፤ እሱም ይገደላል። ድረ ገጹ ይቆያል፣ ጎብኚዎች ግን በየመሐሉ የተቆረጠ ገጽ ያያሉ። መፍትሔው ያለው `pm.max_children` ላይ ነው፤ 50 የነበረው ወደ 18 ይውረድ። 18 ጊዜ 40፣ 720 ነው፤ ከዳታቤዙና ከሲስተሙ ጋር 1820። ስዋፑ ሳይነካ 228 ሜጋባይት ራም ለፋይል ቅጂዎች ይተርፋል፤ አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄም አንዱ ሠራተኛ እስኪለቀቅ ወረፋ ይጠብቃል።