ሃያ አራተኛው ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። በአንድ የስልጠና ክፍል ውስጥ 26 ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ በሩ ላይ ደግሞ 29 ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም ከፍለዋል፤ ሁሉም የከፈሉበትን ደረሰኝ በስልካቸው ይዘዋል። አስተባባሪዋ የታተመውን ዝርዝር ደጋግማ ታገላብጣለች። አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ሌላው ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለውን ጠዋት አንዴ ያየ ሰው፣ የስልጠና ምዝገባ ስም መቀበል ብቻ አለመሆኑን ለማወቅ ሌላ አስረጂ አይፈልግም።

ተመዝጋቢው የሚያየው ቅፅ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የትኬት ዓይነት፣ «ተመዝገብ» የሚል ቁልፍ። ይህ ፊቱ ነው። ከጀርባው ያለው ዋና ሥራ መቁጠር ነው፤ ያውም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሳይሳሳቱ መቁጠር። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው፦ አንድ ድርጅት ኅዳር 6 ቀን 2018 የሚጀምር የሁለት ቀን የኤክሴል ስልጠና አዘጋጅቷል እንበል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሰው ይያዛል የሚለው ነው። ክፍሉ 40 ወንበር ይዞ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን 26 ነው። ልምድ ያለው አዘጋጅ ከነዚህም ሁለቱን ለመጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ በስልጠናው መሃል የሚጠፋ ኮምፒውተር አይታጣምና። ስለዚህ ልኩ 24 ነው። ልኩን የሚወስነው መጀመሪያ የሚያልቀው ነገር ነው፤ አንዳንዴ ወንበር፣ አንዳንዴ መሣሪያ፣ አንዳንዴም አንድ አሰልጣኝ በአግባቡ ሊከታተለው የሚችለው ሰው ብዛት።

ቀጥሎ የትኬት ዓይነቶች ይመጣሉ። ድርጅታችን ቀድመው ለሚመዘገቡ 10 ትኬት በ2,500 ብር፣ መደበኛውን በ3,000 ብር፣ አራት ሠራተኛ ለሚልክ መሥሪያ ቤት ደግሞ የቡድን ትኬት በ10,800 ብር አውጥቷል። ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 24ቱን ወንበር ቆራርጠው 10 ለቀዳሚ፣ 6 ለመደበኛ፣ 8 ለሁለት ቡድን ይመድባሉ። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ያምራል። ስልጠናው ሦስት ቀን ሲቀረው ግን አንድም መሥሪያ ቤት አልመጣም፤ ስምንት ወንበር ባዶ ነው፤ መደበኛ ትኬት ፈላጊው ደግሞ «ሞልቷል» ተብሎ እየተመለሰ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ገደብ ማስቀመጥ ነው። 24 የሚለው ቁጥር የስልጠናው ነው፤ ሁሉም ትኬት ከዚያ አንድ ቋት ይቀዳል። ከዚያ በተጨማሪ ቀዳሚው ትኬት የራሱ ጣሪያ አለው፤ ቅናሹ ከአሥር ሰው በላይ እንዳይሄድ። የመደበኛውና የቡድኑ ጣሪያ ግን ሰፊ ይሁን፤ ድምሩ ከ24 ቢበልጥም ጉዳት የለውም፤ ቋቱ ያግደዋል። የቡድን ትኬት አንድ ትኬት ቢሆንም አራት ወንበር እንደሚበላ ግን አይዘነጋ። ቋቱ ውስጥ ሦስት ወንበር ሲቀር የቡድኑ ትኬት «አለ» ማለቱን ማቆም አለበት፤ የራሱ ጣሪያ ገና ባይነካም እንኳ። ይህን የማይሠራ ሥርዓት ሦስት ወንበር ለአራት ሰው ይሸጣል።

አሁን ወደ ሃያ አራተኛው ወንበር እንምጣ። 23 ሰው ተመዝግቧል። ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከአዳማ ሌላዋ ከአዲስ አበባ፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቁልፉን ይጫናሉ። የዋህ ፕሮግራም መጀመሪያ «ስንት ሰው ተይዟል?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ለሁለቱም 23 የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱንም ይመዘግባል። 25 ሆኑ። ጥያቄው አልተሳሳተም፣ መልሱም ትክክል ነበር፤ ስህተቱ የገባው በጥያቄውና በመመዝገቡ መካከል ባለችው ቅንጣት ጊዜ ነው። የምዝገባው ሰዓት በቴሌግራም ቻናል አስቀድሞ ተነግሮ ሁሉም እኩል ሲረባረብ ይህች ቅንጣት ጊዜ ብዙ ሰው ታሳልፋለች።

ስለዚህ መጠየቁና መያዙ በአንድ ትእዛዝ መሆን አለበት፦

```
UPDATE trainings
SET taken = taken + 1
WHERE id = 7 AND taken + 1 <= 24;
```

ይህ ለዳታቤዙ «ቦታ ካለ ብቻ አንድ ጨምር» ማለት ነው። ዳታቤዙ ሁለት ሰው አንድን መስመር በአንድ ጊዜ እንዲቀይር አይፈቅድም፤ ሁለተኛውን ያስጠብቀዋል። የመጀመሪያው ሲያልፍ ቁጥሩ 24 ይሆናል፤ ሁለተኛው ተራው ደርሶ ሲመጣ ሁኔታው አይሟላም፣ ምንም መስመር አይቀየርም። ፕሮግራሙ የሚያየው ስንት መስመር እንደተቀየረ ነው፦ አንድ ከሆነ ወንበሩ ተገኝቷል፤ ዜሮ ከሆነ ሞልቷል። ለቡድን ትኬት በሁለቱም ቦታ ያለው አንድ በአራት ይተካል። ፕሮግራም የማይጽፍ አዘጋጅም ሥርዓቱን ሲገዛ ይህን ሊፈትነው ይችላል፦ ልኩን አንድ ያድርግና ከጓደኞቹ ጋር በአምስት ስልክ እኩል ይጫኑ። አንድ ሙከራ ግን አይበቃም፤ ደጋግመው ይሞክሩ።

ወንበሩ ተያዘ ማለት ግን ተሸጠ ማለት አይደለም። ወንበሩን ያገኘችው የአዲስ አበባዋ ልጅ ቁልፉን ከተጫነች በኋላ ቴሌብር ትከፍታለች፣ ሒሳቧ አልበቃ ይላታል፣ ወንድሟን ትጠይቃለች። እስከዚያ ወንበሩን ለሌላ ከሰጠነው በደልናት፤ ዝም ብለን ከጠበቅናት ደግሞ ሳትከፍል የቀረች እንደሆነ ወንበሩ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ በነፃና በተሸጠ መካከል ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ የተያዘ፣ ግን ሰዓት የሚቆጠርበት። በስልክ ለሚከፍል ሰው 15 ደቂቃ ይበቃዋል። መሥሪያ ቤት ግን በ15 ደቂቃ አይከፍልም፤ ፕሮፎርማ ይጠይቃል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ለቡድን ትኬት አምስት የሥራ ቀን መስጠት፣ ስልጠናው ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ይህን ዕድል መዝጋት ያስኬዳል።

ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ክፍያስ? ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ይመጣል። የክፍያው መልእክት በ16ኛው ደቂቃ ሲገባ ወንበሩ ገና ካልተወሰደ ያለ ጥያቄ ይጽደቅላት። ከተወሰደ ግን ገንዘቧ ተመላሽ እንደሚሆን ወይም ወደሚቀጥለው ዙር መዛወር እንደምትችል ወዲያው ይነገራት። ዝምታ የከፋ ነው። ከዚህም ሌላ የክፍያ አገናኞች አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ሊልኩ ይችላሉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር የሚያስፈልገው፤ በቻፓ `tx_ref` የሚባለው ማለት ነው። ያ ቁጥር አንዴ ከተስተናገደ፣ ሁለተኛ ሲመጣ «አውቄዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። በመግቢያችን ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ስም ምናልባት እንዲህ የመጣ ነው።

ማረጋገጫ ኢሜይሉ የሚላከው መቼ እንደሆነ ከዚህ ይወጣል፦ ቅፁ ሲሞላ ሳይሆን ወንበሩ ሲሸጥ። በመካከሉ የሚላክ ካለ «ቦታዎ ለ15 ደቂቃ ተይዞልዎታል» ይበል እንጂ «ተመዝግበዋል» አይበል። ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ስልኩን ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል።

በኢሜይሉ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ የተገዛ ሥርዓት የማያውቃቸው የእኛ ጉዳዮች አሉ። አንዱ ስም ነው። ቅፁ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ለሁለት ከከፈለው፣ ኢሜይሉ የቤተሰብ ስም የተባለውን አንስቶ «ውድ አቶ ወርቁ» ብሎ ይጀምራል። አቶ ወርቁ ደግሞ አባትየው ናቸው፤ ምናልባትም በሕይወት የሉም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ከሆነ አጻጻፉን ባለቤቱ ራሱ ይሙላው፤ ፀሐይን ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፋታል፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን አንዱ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ሥርዓቱ 8:30 ብሎ ይልካል፤ ጠዋት ማለቱ ነው። አንባቢው ግን 8:30ን ከምሳ በኋላ ያለው አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ ዕድሜ ልኩን 8:30 ያ ነበርና። ስለዚህ ሁለቱም ይጻፍ፦ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 (ኖቬምበር 15 ቀን 2025) ከጠዋቱ 2:30፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 8:30። ይህ የሰዓት ነገር ሽያጩንም ይነካል። ሰርቨሩ የዓለም አቀፉን ሰዓት ከተከተለ የእርሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ዛሬ ማታ 6 ሰዓት ላይ ያበቃል የተባለው ቅናሽ ሦስት ሰዓት ተጨማሪ ይሸጣል። ሰዓቱን `Africa/Addis_Ababa` ላይ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ኢሜይሉ መላኩ ብቻውን መድረሱን አያረጋግጥም። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ላኪዎች በዶሜይናቸው ላይ ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ ጠበቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ `SPF` እና `DKIM` የሚባሉት መዝገቦች ለዚህ ናቸው። እነርሱን ያላስተካከለ ላኪ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ሊገባ ወይም ጭራሽ ሊመለስ ይችላል፤ አዘጋጁም «ልከናል» ይላል፣ ተመዝጋቢውም «አልደረሰኝም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ አድራሻ ደግሞ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው፤ `gmail.com` ሊጽፍ `gmail.con` የጻፈ ሰው የትም አይታጣም። ተመልሰው የመጡ ኢሜይሎችን በየዕለቱ የሚያይ ሰው መመደብ፣ ለእነርሱም በአጭር መልእክት ወይም በስልክ መድረስ ግድ ነው። ኢሜይሉ መውደቁ ግን ምዝገባውን መሰረዝ የለበትም። ወንበሩ የተመዘገበው ዳታቤዙ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ዜና አብሳሪ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ «ሞልቷል» የተባለው የአዳማው ልጅ ዘግይቶ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ እስከዚያ ሦስት ሰው ቀድሞታል። ዓርብ ጠዋት አንዲት ተመዝጋቢ ምዝገባዋን ሰረዘች። ብዙ አዘጋጅ በዚህ ጊዜ ለአራቱም «ቦታ ተገኝቷል» ብሎ ይልካል፤ ያን ጊዜ ሽሚያው እንደገና ይጀመራል፣ ሦስቱም ሁለተኛ ይከፋቸዋል። ጥሩው ሥርዓት ለመጀመሪያው ተጠባባቂ ብቻ ይልካል፣ አራት ሰዓት ይሰጠዋል፣ ካልከፈለ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሦስቱ ሳይመልሱ ቀሩ። ለአዳማው ልጅ መልእክቱ የደረሰው ዓርብ ማታ ነው፤ ከፈለ። ቅዳሜ 2:15 ላይ በሩ ላይ ስልኩን አቀረበ፣ አስተባባሪዋ በማረጋገጫ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ኮድ አነበበች፣ ስክሪኑ ላይ 24/24 የሚል ቁጥር ወጣ።