75 ተብሎ 93 የመጣው የስልክ ቢል

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት በጁላይ መጀመሪያ ስልካቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ 75 ዶላር ነው ብለውኝ 93 ጠየቁኝ። ተታለልኩ መሰለኝ" አሉ። አገር ቤት ካሉ የልጅ ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ኢንተርኔቱ እያለቀ ስላስቸገራቸው ከ60 ዶላሩ ፕላን ወደ 75ቱ የተቀየሩት በጁን 17 ነበር።

"እስኪ ይቀመጡ፣ ሙሉውን ቢል እንየው" አልኳቸው። አፑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ድምሩ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ያለው በፒዲኤፍ በሚወርደው ቢል ውስጥ ስለሆነ እሱን አወረድን።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የወርሃዊ ፕላን ክፍያ እንደ ቤት ኪራይ አስቀድሞ የሚከፈል ነው። የእሳቸው የቢል ወር ከ5 እስከ 4 ይሄዳል። ስለዚህ ከጁን 5 እስከ ጁላይ 4 ላሉት 30 ቀናት የአሮጌውን ፕላን 60 ዶላር ቀድመው ከፍለዋል። በ17 ሲቀየሩ ግን ከዚያ ወር ገና 18 ቀን ይቀራል። ኩባንያው ማድረግ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ያልተጠቀሙበትን የአሮጌውን ፕላን 18 ቀን መመለስ፣ የአዲሱን ደግሞ 18 ቀን ማስከፈል።

እርሳስ ይዘን አሰላነው። 60ን ለ30 ስናካፍል በቀን 2 ዶላር ይመጣል፤ በ18 ቀን 36። ይህ ተመላሽ ነው፤ ቢሉ ላይም የመቀነስ ምልክት ይዞ መታየት አለበት። 75 ለ30 ሲካፈል 2.50 ነው፤ በ18 ቀን 45። ልዩነቱ 9 ዶላር ሆነ። በዚህ ላይ ከጁላይ 5 ጀምሮ ላለው ወር ሙሉ 75 ሲደመር 84 መጣ። ቀሪው 9 ዶላር ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ነው። በዚህ በኩል ማንም አላታለላቸውም፤ በሚቀጥለው ወር የቀናቱ ሒሳብ ራሱ ይጠፋል።

ስህተት ሲኖር የሚታወቀው በዚያች የመቀነስ ምልክት ነው። የአዲሱ ፕላን 45 ተጽፎ የአሮጌው 36 ካልተመለሰ፣ ለተመሳሳይ 18 ቀናት ሁለት ጊዜ ከፍለዋል ማለት ነው። ወሩን በ31 ቀን የሚያሰላ ኩባንያ ስላለ የሳንቲም ልዩነት አያስደንግጥ። ይልቅ ፕላን ሲቀየር አብሮ የሚሄድ ቅናሽ መኖሩን ማየት ይበጃል። በየወሩ በክሬዲት ዋጋው የሚመለስ ቀፎ የያዘ ሰው፣ ለቅናሹ ወደማይበቃ ፕላን ከወረደ ክሬዲቱ ሊቆምና የቀፎው ቀሪ ዋጋ በሙሉ እሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወደ ታክሱ ስንወርድ ግን እኔም ደነገጥኩ። አንዱ መስመር የሞንትጎመሪ ካውንቲ የስልክ ታክስ፣ 3.50 ዶላር ይላል። ያ ካውንቲ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት። እሳቸው ከዚያ ወጥተው ቨርጂኒያ ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል! "አድራሻዬን እኮ ቀይሬያለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የቀየሩት ግን ፖስታ የሚላክበትን ነበር። የሞባይል ታክስ የሚቆረጠው ስልኩ በዋናነት የሚሠራበት ተብሎ በተመዘገበው አድራሻ ሲሆን፣ ይህ በኩባንያው መዝገብ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። 3.50 በወር በዓመት 42 ዶላር ነው፤ በጡረታ ለሚኖር ሰው ትንሽ አይደለም።

ከታክሶቹ ጎን የተሰለፈው ሁሉም ታክስ አይደለም። "አድሚኒስትሬቲቭ" ወይም "ሬጉላቶሪ ሪከቨሪ" የሚል ክፍያ መንግሥት የጣለው ሳይሆን ኩባንያው ራሱ የሚያስከፍለው ነው፤ መጨመሩንም የሚወስነው እሱ ነው። የፌዴራሉ "ዩኒቨርሳል ሰርቪስ" ደግሞ በየሦስት ወሩ መጠኑ ስለሚከለስ ፕላን ሳይነካ በሳንቲም ከፍ ዝቅ ይላል።

ደወልንና "ፖስታ የሚላክበትን አይደለም፣ ታክስ የሚሰላበትን አድራሻ ቀይሩልን" አልን። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ካስደገመችን በኋላ ገባት። የጥያቄውን ቁጥር ጻፍን፤ ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍም ላክን። ኩባንያው ዝም ቢል ኤፍሲሲ ዘንድ በነፃ ማመልከት ይቻላል፤ አቤቱታው ከተላለፈለት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

የኦገስቱ ቢል ሲመጣ አብረን ከፈትነው። ፕላኑ 75 ብቻ ነው። የሞንትጎመሪ መስመር የለም፤ በቦታው የቨርጂኒያ 5 በመቶ የኮሙኒኬሽን ታክስ ገብቷል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየነኩ እስከ ታች ወረዱ።