የዳሌ ሕመምና አንቀልባ

በእርግዝና መጨረሻ ወራት ወገብ እንደሚያም ሁሉም ያውቃል። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ከወገብ ዝቅ ብሎ በመቀመጫ አንድ ጎን፣ ወይም ከፊት ከብልት በላይ ባለው አጥንት ላይ የሚወጋው ሕመም ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ይባላል። ክብደት በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ ይብሳል፦ ደረጃ ስትወጣ፣ ታክሲ ስትሳፈር፣ ቆማ ሱሪ ስታጠልቅ። አልጋ ላይ መገላበጥም ያሠቃያል። ተቀምጦ መልበስ፣ ሲገላበጡም ጉልበትን ገጥሞ ትከሻንና ዳሌን አብሮ ማዞር ያቀለዋል።

ከወሊድ በኋላ ሕመሙ በአብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግን ያኔ ደግሞ ማዘል ይመጣል። እኔ ልጅን በአንድ ጎን ታቅፎ ከመዋል ማዘል ይሻላል ባይ ነኝ። እናት አጎንብሳ ልጁን ጀርባዋ ላይ እያመቻቸች ስታስር ወገቧ ሊጎዳ ይችላል። አንገቱ የጠና ልጅ ከሆነ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሌላ ሰው ከጀርባዋ ያስጠጋላት። አንቀልባው ልጁን ከፍ አድርጎ አጥብቆ ይያዝ፤ ከላላ ልጁ ወደ ታች ይጎትታታል። ስትነሳ እግሯን ትንሽ ከፍታ፣ ትንፋሿን እያወጣች በጭኗ ኃይል ትነሳ። አዝላ ጀሪካን ማንሳት ግን ይቅርባት።

እግር ከሰነፈ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ፣ እንዲሁም በእርግዝና ጊዜ ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ወይም ደም ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ነው።