ዕርገት ለምን ሁልጊዜ ሐሙስ ይውላል?

በ2017 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የዕርገትን በዓል ማክበር ቀላል ነበር። በዓሉ የዋለው ግንቦት 21 ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 29 ቀን 2025 ነው። ጀርመኖችም በዚያው ዕለት «ክሪስቲ ሂመልፋርት» ብለው ስለሚያከብሩት ሥራም ትምህርት ቤትም ዝግ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን የጀርመኖቹ ዕርገት ሜይ 9፣ የእኛ ደግሞ ጁን 13 ነበር። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን መሄድ የፈለገ ሠራተኛ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሦስቱም ቀኖች ግን ሐሙስ ነበሩ። ቀኑ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ሐሙስነቱ ግን አይለወጥም። ለምን?

ዕርገት ማለት ወደ ላይ መውጣት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 እንደተጻፈው፣ ጌታችን ከሞት ከተነሣ በኋላ ለ40 ቀን ለደቀ መዛሙርቱ እየታየ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ሰማይ ዐረገ። ስለዚህ በዓሉ ከትንሣኤ ጀምሮ ተቆጥሮ በ40ኛው ቀን ይውላል።

የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት በጣቷ ቆጠረችና፣ «አጎቴ፣ ፋሲካ እሑድ ነው። በእሑድ ላይ 40 ቀን ስጨምር ዓርብ ይመጣል። ሐሙስ ከየት መጣ?» አለችኝ።

መደመሩን አልተሳሳተችም። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ በሚጀምርበት ቀን ላይ ነው። እሷ ሰኞን አንድ ብላ ጀመረች። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን አንድ የሚባለው ራሱ የትንሣኤ እሑድ ነው። እንዲህ ሲሆን 8ኛው ቀን እሑድ፣ 15ኛው እሑድ፣ 22ኛው እሑድ፣ 29ኛው እሑድ፣ 36ኛውም እሑድ ይሆናል። ከዚያ 37 ሰኞ፣ 38 ማክሰኞ፣ 39 ረቡዕ፣ 40 ሐሙስ። ትንሣኤ ከእሑድ ስለማይወጣ ዕርገትም ከሐሙስ አይወጣም። ቆጥራችሁ ዓርብ ላይ ከደረሳችሁ፣ የትንሣኤን ዕለት ሳትቆጥሩ ዘላችኋታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አቆጣጠር በምንናገራቸው ቋንቋዎች ውስጥም አለ። ወላጆቻችን «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» ሲሉ ከአንድ ሳምንት በኋላ ማለታቸው ነው፤ ዛሬንም ስለሚቆጥሩ ሰባቱ ቀን ስምንት ይሆናል። ጀርመኖችም «ኢን አኽት ታገን» ይላሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው። ጌታችን ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ ሲነሣ «በሦስተኛው ቀን» የሚባለውም ዓርብ ራሱ ስለሚቆጠር ነው።

እኔ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በመደመር ነው የማስበው። የመጀመሪያው ቀን አስቀድሞ ስለተቆጠረ የሚጨመረው 40 ሳይሆን 39 ነው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከጳጉሜን በስተቀር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስላላቸው ስሌቱ በጣም ይቀላል። በ2017 ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ነበር። 12 ሲደመር 39፣ 51 ነው። ከዚህ የሚያዝያን 30 ቀን ስንቀንስ 21 ይቀራል፤ ስለዚህ ዕርገት ግንቦት 21 ሆነ። በ2016 ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ነበር። 27 ሲደመር 39፣ 66 ነው። እዚህ ላይ የሚያዝያንም የግንቦትንም 30 ቀን እንቀንሳለን፤ 6 ይቀራል፤ ዕርገትም ሰኔ 6 ዋለ።

የጥንት ሊቃውንት ይህን 39 በባሕረ ሐሳብ ውስጥ አስገብተውታል። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። በስሌቱ ለየዓመቱ «መባጃ ሐመር» የሚባል አንድ ቁጥር ይገኛል፤ በ2017 ቁጥሩ 3 ነበር። እያንዳንዱ በዓል ደግሞ «ተውሳክ» የሚባል የራሱ ተጨማሪ ቁጥር አለው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 3 ሲደመር 9፣ ሚያዝያ 12 ይሰጣል። የዕርገት ተውሳክ 18 ነው፤ 3 ሲደመር 18፣ ግንቦት 21 ይሰጣል። በሁለቱ ተውሳኮች መካከል 9 አለ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። 30 ሲደመር 9፣ ያው 39 ነው።

በ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። 4 ሲደመር 39፣ 43፤ ከዚያ 30 ሲቀነስ 13። ስለዚህ ዕርገት ግንቦት 13 ነው፤ በፈረንጆች ሜይ 21 ቀን 2026፣ ሐሙስ። ጀርመኖች ግን ሜይ 14 ስለሚያከብሩ፣ በዚያ ዓመት የፈቃድ ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ሜይ 21 ነው።