ለአንድ ደንበኛ ሁለት መልስ

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር አንዲት ደንበኛ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ በኢንተርኔት የበዓል ስጦታ አዘዘች እንበል። ገንዘቡ ከካርዷ ተቆርጧል፤ ስጦታው ግን አልደረሰም። ለሱቁ ኢሜይል ጻፈች። ሱቁ ውስጥ አራት ሠራተኞች አንዱን የጋራ ኢሜይል በአንድ ፓስወርድ ከፍተው ተቀምጠዋል። አንዷ «ይቅርታ፣ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ብላ ላከች። ባልደረባዋም መልእክቱን ከፍቶት ስለነበር፣ እሷ መመለሷን ሳያውቅ «ስጦታው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ቃላቸውን ከጠበቁ ሱቁ ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል።

ተቃራኒውም ይከሰታል፤ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው። በጋራ አካውንት አንዱ መልእክቱን ሲከፍት ለሁሉም «የተነበበ» ሆኖ ይታያል። የከፈተው ሰው «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፣ የቀሩት ደግሞ «ተይዟል» ብለው ይተዉታል። ሁለቱም ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው፦ መልእክቱን ማንበብና መልእክቱን መረከብ ተደባልቀዋል።

ይህን ለመለየት የተሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ጄሲ ቪንሰንት በ1996 የጀመረው «አርቲ» የተባለው ፕሮግራም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ በባለቤቱ ቦታ ላይ Nobody የሚል ይጻፍበታል። ሠራተኛው Take የሚለውን ሲጫን ጉዳዩ የእሱ ይሆናል። ሌላ ሰው በግድ መውሰድ ካለበት ደግሞ Steal የሚል ቁልፍ አለ፤ ስሙ ሆን ተብሎ የሚያሳፍር ይመስላል።

ሁለት ሰዎች እኩል ቢጫኑስ? ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ባለቤት አለው?» ብሎ ጠይቆ፣ ቀጥሎ ስም የሚጽፍ ከሆነ፣ በጥያቄውና በጽሕፈቱ መካከል ሌላው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውና ጽሕፈቱ በአንድ ትእዛዝ መፈጸም አለባቸው፦

```
UPDATE tickets SET owner='staff2'
WHERE id=1042 AND owner IS NULL;
```

ትእዛዙ አንድ መዝገብ ከቀየረ ጉዳዩ ተይዟል። ምንም ካልቀየረ ሌላ ሰው ቀድሟል ማለት ነው፤ ለሁለተኛው ሠራተኛ የመልስ መጻፊያው ሳይከፈት የቀደመው ሰው ስም ይታየዋል።

ደንበኛዋ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከችው ለሁለት አድራሻዎች፣ ለሽያጭም ለደንበኞች አገልግሎትም ነበር። እያንዳንዱ ኢሜይል Message-ID የሚባል የማይታይ መለያ ስላለው፣ ሁለቱ ቅጂዎች የሚደርሱት በአንድ መለያ ነው፤ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ቅጂ አዲስ ጉዳይ እንዳያደርገው ማድረግ ይቻላል። ለሱቁ መልስ «ሪፕላይ» ብላ ብትጽፍም ችግር የለም፤ በ In-Reply-To ውስጥ የቀድሞው መለያ ስለሚመጣ ከነበረው ጉዳይ ጋር ይያያዛል።

አስቸጋሪው፣ ማታ ላይ ተናዳ እንደ አዲስ የጻፈችው ኢሜይል ነው። መለያው አዲስ ነው፣ ርእሱም ሌላ። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ «ይህች ደንበኛ ክፍት ጉዳይ አላት» ብሎ ለባለቤቱ ቢያሳይ ይበቃል፤ በራሱ እንዲያዋህድ መፍቀድ አደጋ አለው። ከአንድ የመሥሪያ ቤት አድራሻ ሦስት ሰዎች ስለ ሦስት ትእዛዝ ሊጽፉ ይችላሉና።

ጉዳዩ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚወስኑት ደንቦችም ራሳቸው ድግግሞሽ ይፈጥራሉ። «ካርድ» የሚል ቃል ያለበት ወደ ሒሳብ፣ «አልደረሰም» የሚል ያለበት ወደ ማድረሻ ክፍል ይሂድ ተባለ እንበል። የዋሽንግተኗ ደብዳቤ ሁለቱንም ቃላት ይዟል። ሁሉም ደንቦች የሚሠሩ ከሆነ ለሁለቱም ክፍሎች ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ደንብ ላይ እንዲቆም ከተደረገ ግን ለአንድ ብቻ። ያኔ ዋናው ነገር የደንቦቹ ቅደም ተከተል ነው። የማድረሻው ደንብ መቅደም አለበት፤ ዕቃው የት እንዳለ ሳይታወቅ የሒሳብ ሠራተኛዋ ገንዘብ ልትመልስ አትችልም። የማድረሻው ሠራተኛ አጣርቶ፣ ዕቃው ከጠፋ ያንኑ ጉዳይ በያዘው ቁጥር ያስተላልፍላታል። የትኛውም ደንብ የማይመለከተው መልእክት ደግሞ በየጠዋቱ አንድ ተረኛ ሰው የሚያየው ቦታ ያስፈልገዋል።

ባለቤትነትም የራሱ ጣጣ አለው፦ የያዘው ሰው ይታመማል፣ ለበዓል አገር ቤት ይሄዳል፣ ጉዳዩም በስሙ ተቆልፎ ይቀራል። አንዳንድ ቡድኖች በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መልስ ያልተጻፈበትን ጉዳይ ባለቤት ወደሌላቸው እንዲመለስ ያደርጋሉ። ሰዓቱ በጣም ካጠረ ግን ማድረሻው ሠራተኛ ገና ሹፌሩን በስልክ እየፈለገ ሳለ ጉዳዩ ይነጠቅና የመጀመሪያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሠራተኛው በጉዳዩ ላይ የመጨረሻ ማስታወሻ ከጻፈበት ጊዜ ቢሆን ይሻላል፤ «ሹፌሩን እየጠየቅሁ ነው» የሚል አንድ መስመርም ጉዳዩን በእጁ ያቆየዋል።